«ተይው» ያልሽኝ ቀን

ውድ ድንቢጤ፣

ይህን የምጽፍልሽ በወረቀት ነው፤ ስልኬ አጠገቤ ተቀምጦ። ስምሽን ነክቼ ብጽፍልሽ በደቂቃ ውስጥ ይደርስሽ ነበር። ግን በዚያች ጠባብ መስኮት ስንጻጻፍ ምን እንደሆንን አንቺም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳላሳጥር ልንገርሽ። ከረዘመብሽ ታገሺኝ። አጭሩን ሞክረነዋል።

እናታችን ስትሞት አንቺ ሰባት ዓመትሽ፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጸጉርሽን አበጥሬ ትምህርት ቤት የምሸኝሽ እኔ ነበርኩ። በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም፤ «እትዬ» ነው የምትይኝ። ያቺን አንዲት ቃል ስትያት ብቻ ሰምቼ ልብሽ ውስጥ ያለውን አውቅ ነበር። የምትፈልጊው ነገር ሲኖር ትጎትቻታለሽ፤ ስታኮርፊ ግማሿን ትውጫታለሽ፤ ስትፈሪ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትያታለሽ። ስልክ ላይ ስትጻፍ ግን ሦስት ፊደል ናት፤ ሁልጊዜ ያው ሦስት ፊደል።

ከዚያ እኔ ማተሚያ ቤት ሥራ አገኘሁና ሄድኩ፤ በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ። አንቺ ከአባዬ ጋር ቀረሽ። የፊተኛውን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ተካፈላችሁት፤ በመስኮቱ በኩል የእሱ የልብስ ስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል ያንቺ መስታወትና የጸጉር ቤት ወንበር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን እየተሠሩ ቀሚሳቸውን ያስጠብባሉ እያልሽ ትስቂ ነበር። ያኔ በየእሑዱ እንደዋወል ነበር። ሁለታችንም ዘመናዊ ስልክ ስንይዝ መደወሉ ቀረና መጻፍ መጣ። «ይቀላል» ተባባልን። እውነትም ቀለለ፤ መደወል ከብዶን እስኪቀር ድረስ ቀለለ።

ስለ እኔ አጻጻፍ ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ነግሬሽ አላውቅም። ሥራዬ እርማት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ላይ የጎደለ ነጥብ ስፈልግ እውላለሁ። አራት ነጥብ ሳላደርግ ዓረፍተ ነገር መተው እንደ መጥፎ ጠረን ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ ለአንቺም ስጽፍ «እሺ» አልልም፤ «እሺ።» እላለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነጥቡን ስለሚተወው፣ ያደረገው ሰው በር እንደዘጋ ተደርጎ እንደሚነበብ አላወቅኩም ነበር። አንቺ ደግሞ እጅሽ ቀለምና አረፋ ውስጥ ነው የሚውለው። አንድ ጓንት አውልቀሽ፣ በትንሿ ጣትሽ ሁለት ፊደል ነክተሽ ትመለሻለሽ። ይህንንም ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ እኔ የማየው ሁለቱን ፊደል ብቻ ነበር።

የአባዬ ነገር የጀመረው በመርፌ ነው። የስኳር በሽታው እግሩን አደንዝዞት ስለነበር ከመኪናው ሥር የወደቀች መርፌ እግሩ ውስጥ ገብታ ስንት ቀን እንደተራመደባት እንኳ አላወቀም። ካልሲውን አውልቀሽ ያየሽ አንቺ ነሽ። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ሆስፒታል ይዘሽው ገባሽ፤ ሦስት ቀን ሞከሩ፤ በአራተኛው ቀን ማክሰኞ ጠዋት ጻፍሽልኝ። አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦

«እትዬ ከጉልበቱ በታች ይቆረጥ ይላሉ። ዛሬ ካልሆነ ወደ ላይ ይሄዳል አሉ። እሱ በትኩሳት ራሱን አያውቅም። ፈርሚ እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ»

ያን ጊዜ ማተሚያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። የማተሚያው መኪና ሞቆ እኔን ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ገጽ እጄ ላይ ነው። አነበብኩት። ልቤ ውስጥ የመጣውን ልንገርሽ፦ እሷ አጠገቡ ናት፤ እግሩን አይታዋለች፤ ሐኪሞቹን አነጋግራለች፤ እኔ ከሰባት ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ ምን ልላት እችላለሁ፤ የወሰነችውን ትወስን፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ጣቴ ግን አንዲት ቃል ላከች፦

«እንደፈለግሽ።»

ከዚያ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማተሚያ ክፍል ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። አራት ሰዓት ቆየሁ። ለካ አንቺ ወዲያው «እትዬ» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ቀጥለሽ ደግሞ «እትዬ» ብለሽ ነበር። ፊትሽ ላይ የነበረው ግን ነጥብ ያለባት አንዲት ቃል፣ ከዚያ ዝምታ። ስሜ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ የታየሁበት ደቂቃ ብቻ ተጽፏል። ስወጣ ያንቺን አይቼ «ምን ሆነ።» አልኩሽ። የጥያቄ ምልክቱን እንኳ በጥድፊያ ስቼ ነጥብ አድርጌበታለሁ። አንቺም መለስሽ፦

«ተቆረጠ»

በቃ። አንዲት ቃል። እኔም አነበብኳትና፣ ተቆጥታኛለች አልኩ። አለመኖሬን እየነገረችኝ ነው አልኩ። ጥፋተኛነት ሲሰማኝ ደግሞ የምሸሽ ሰው ነኝ፤ ታውቂያለሽ። መደወል ሲገባኝ «ትረጋጋ» ብዬ ተውኩሽ። አንቺ እንድትረጋጊ ሳይሆን እኔ እንዳልወቀስ ነው የተውኩሽ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር አጠገብሽ የተቀመጠችው አክስታችን እንደነበረች ኋላ ሰማሁ። ስልኩን ሰጠሻት፤ እሷም ጮክ ብላ አነበበችው፤ አፏን ጠምዘዝ አድርጋ፣ እጁን ታጥቦ እንደሚነሳ ሰው። «እንደፈለግሽ አለችሽ» ብላ ስልኩን መለሰችልሽ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺ ቃል በእሷ ድምፅ ሆነች። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ አንባቢው ነው የሚያውሰው። ለእኔ ቃል የአክስታችን ድምፅ ደረሰው። አንቺም በእሱው ድምፅ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሰማሽው።

አባዬ ሲነቃ «ማን ነው የፈረመው» አለ። «እኔ» አልሽው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እግሩ ሥራው ነበር፤ መርገጫውን የሚረግጥበት እግር ነበር። ከዚያ በኋላ ውኃ ስጪኝ፣ አንሺኝ፣ አስተኚኝ ከማለት በቀር እንደማያናግርሽ አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሦስት ቀን መጣሁ። ምሳ አቀረብሽልኝ፤ ለሚያስፈልገው ያህል አነጋገርሽኝ። አባዬ አንቺ በሰማሽበት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነሽ የደንበኛ ጸጉር እያጠብሽ፣ «እህትሽ እንደ ጨርቅ ቆርጣ ጣለችኝ» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ቦታ ሳልጽፍ ልዘለው ፈልጌ ነበር። ዝም አልኩ ድንቢጤ።

ከዚያ በኋላ ያንን የመልእክት ገጽ ወደ ኋላ ላነበበው ሰው የሁለት ሰው ወሬ አይመስልም። «እንዴት አደረ።» «ደህና» «በላ።» «በልቷል» «መድኃኒቱ።» «አለ» አንዳንዴ አውራ ጣት ብቻ። «እትዬ» የሚለው ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። መጥፋቷን ቆጥሬያለሁ፤ መቼ እንደጠፋች ቀኑን አውቀዋለሁ። አንዳንዴ ከስምሽ ሥር «በመጻፍ ላይ» የሚለው ይመጣል፤ ይቆያል፤ ይጠፋል። ሌላ ነገር ልትነግሪኝ ነበር፣ ተውሽው እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ደንበኛ ጠርቶሽ ሊሆን እንደሚችል፣ አባዬ ሊወድቅ ብሎ ሮጠሽ ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አላሰብኩም። አንቺ በአንድ ቃል ስትመልሺ እኔም በአንድ ቃል፤ ባንቺ ልክ ሰፍቼ። አንቺም የእኔን አይተሽ ያንቺን ታሳጥሪያለሽ። ሁለታችንም የጀመረችው እሷ ናት እንል ነበር።

ማተሚያ ቤት ገጽ የሚያቀናብር ሽማግሌ ባልደረባ አለኝ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሲያየኝ ምን ሆነሻል አለኝ። አሳየሁት። «ይህ ‹እሺ› የተቆጣ ‹እሺ› መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለኝ። ከወትሮው ያጠረ ነው አልኩት። ሳቀ። የእሱ ልጅም በአንድ ወቅት «አባባ፣ መልእክትህ ሲመጣ ምን አጠፋሁ እያልኩ እጨነቃለሁ» ብላ ያለቀሰችበት ጊዜ ደንግጦ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ማሳጠር ግድ ሲሆንበት ለምን እንዳሳጠረ አብሮ ይጽፋል፤ «መኪና ላይ ነኝ፣ አልተቆጣሁም፣ በሰባት ሰዓት እደውላለሁ» ይላል፤ በሰባት ሰዓትም ይደውላል። የሚጎረብጥ መልእክት ሲደርሰው ደግሞ እንደጎረበጠው አይመልስም። መጀመሪያ በደግ ሰው ድምፅ ያነበዋል፤ ያም ካልሆነለት «እንዲህ ስትዪ ቅር ያለሽ መሰለኝ፣ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከባድ ነገር ከሆነ ጭራሽ አይጽፍም፤ ይደውላል።

እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? «ለገዛ እህቴ ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ ልጻፍላት?» አልኩት። ያሳደግኳት ልጅ ልቤን ካላወቀች ማን ሊያውቀኝ ነው አልኩ። ኩራት ነው። ደግሞ እኮ በሥራዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ትርጉም ሲመች ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ደራሲውን ደውዬ እጠይቃለሁ። ለማላውቀው ሰው ያደረግኩትን ለአንቺ አላደረግኩም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የዓመት ዕረፍቴ ደርሷል፤ እጄ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የሕግ መጽሐፍ አለ፤ አለቃዬ ጨርሰሽ ውጪ ብሎኛል። አንቺ «ትንሽ ደከም ብሏል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ኩላሊቱ መሆኑን አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩልሽ፦

«ልምጣ ወይስ ሥራውን ልጨርስ።»

እውነቱን ልናገር፤ «ነይ» እንድትዪኝ ፈልጌ ነው በጥያቄ የጻፍኩት። እንድትፈልጊኝ ፈልጌ ነው። «መምጣት እፈልጋለሁ» ማለት አቅቶኝ ምርጫውን አንቺ ላይ ጣልኩት። አራት ደቂቃ ያህል «በመጻፍ ላይ» ታየ፤ ጠፋ፤ ታየ። ከዚያ መጣ፦

«ተይው»

ያን ቀን ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። ጠዋት ሳነባት የደከመው ሰው ቃል ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ ንቀት ሆነች። ከሥራ ስወጣ «ድርሽ እንዳትዪ» ሆና ቁጭ አለች። ፊደሎቹ አልተለወጡም። እኔ ነበርኩ ቀኑን ሙሉ እየባሰብኝ የሄደው። በመጨረሻ «እሺ።» ብዬ ላክሁልሽ። ሥራዬንም ቀጠልኩ። ዕረፍቴን አስተላለፍኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አክስታችን ደወለች። አንቺ አይደለሽም የደወልሽው።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻችንን የቀረንበትን ጠዋት ታስታውሺያለሽ። አንቺ የአባዬን ጨርቆች በየቀለማቸው ትለያለሽ፤ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀና ሳትዪ፣ ሥራሽ አለቀልሽ ወይ አልሽኝ። አነጋገርሽ እንደ ምላጭ ነበር፤ ይህንንስ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አትምጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አልኩሽ። መቼ አልሽ። ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁሽ። አየሽው። ረጅም ጊዜ አየሽው።

«ሥራውን ተይው ነው ያልኩሽ» አልሽ።

ስልኩን ከእጅሽ ወስጄ ደግሜ አነበብኳት።

«ሥራውን ልጨርስ ወይ አልሽኝ። ተይው አልኩሽ። ተይውና ነይ። ጸጉር ቀለም እየቀባሁ ነበር፤ ስልኩ ከእጄ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። የጻፍኩት የገባሽ መስሎኝ አልጋ አነጠፍኩልሽ። ‹እሺ› ስትይ መንገድ ጀመረች አልኩ። አባዬ ‹ታላቅሽስ?› እያለ ይጠይቀኛል። እየመጣች ነው አልኩት። አሥራ አንድ ቀን እየመጣች ነው አልኩት።»

ለምን አልደወልሽልኝም አልኩሽ፤ በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ። ሐሳቧን ቀይራለች ብዬ አልሽኝ። ምን ብዬ ልለምናት፣ ያኔም እንደፈለግሽ ብላኛለች አልሽኝ። ከዚያ ያንቺን ስልክ አንስተሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደሽ ያቺን ማክሰኞ አገኘሻት። አነበብሽልኝ፤ በአክስታችን ድምፅ። አፍሽ ሳይቀር እንደ እሷ ተጠመዘዘ። እኔም ያኔ ልቤ ውስጥ እንደነበረው፣ ቀስ ብዬ፣ «እንደፈለግሽ የኔ እህት» ማለቴ ነበር አልኩሽ። ጨርቁ እጅሽ ላይ ቀረ።

«ይሄን ድምፅ የት አስቀምጠሽው ነበር?» አልሽኝ።

ያኔ የምናለቅስ መስሎኝ ነበር። ተቃቅፈን አልቅሰን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ጨርቁን አጣጥፈሽ አስቀመጥሽና፣ አሁን ማወቄ ምን ያደርግልኛል አልሽ። ያሳለፍኩት አልፏል፤ ተሳስቼ ነው ያሳለፍኩት ብባል ይቀለኛል ወይ አልሽ። ተነስተሽም ደንበኛ እንዳለሽ ነገርሽኝ።

ተናድጄብሻለሁ ድንቢጤ። እስከ ዛሬም ተናድጄብሻለሁ። አንቺም መጠየቅ ትችይ ነበር። «እትዬ፣ ይቺ ቃልሽ ከበደችኝ፣ ምን ማለትሽ ነው?» ብትዪ አንድ መስመር ነበረች። ግን ያው፣ እኔም አላልኩም። ደግሞም ታላቅሽ እኔ ነኝ።

ይኸው ሰባት ወር ሆነን። አሁን መልእክትሽ አጭር አይደለም። «እትዬ» ተመልሳለች። አበባ አለው፣ ልብ አለው፣ የሚስቅ ፊት አለው። «ደህና ነኝ የኔ እናት፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እንዳይከፋሽ» ትያለሽ። እኔም ነጥቤን ትቼ «ስብሰባ ልገባ ነው፣ ተቆጥቼ አይደለም» እላለሁ። የሽማግሌውን ትምህርት ሁለታችንም አሳምረን አጥንተናል። አንድም ቃል በስህተት አይነበብም፤ ምክንያቱም የምንባባለው ነገር የለም። ለደንበኛ በር ላይ የምትሰጪውን ፈገግታ ነው የምትልኪልኝ። ከዚያ ከአንድ ቃሉ ይልቅ ይህ ይበርደኛል።

ባለፈው ሳምንት «ልምጣ?» አልኩሽ። «እንደፈለግሽ እትዬ» አልሽኝ፤ ከቀይ ልብ ጋር። ሁለት ቀን አየኋት። በየትኛው ድምፅ እንደሆነ አላውቅም። በዚህኛውስ አልገምትም ብዬ ደወልኩ። አላነሳሽም። «ደንበኛ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብለሽ ጻፍሽ፤ አልደወልሽም።

ስለዚህ አልጠይቅሽም፤ ልነግርሽ ነው። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። የምመጣው ስለ ስልኩ ለማስረዳት አይደለም። «ተይው»ን ያሳሳተን ስልክ ነው እንበል፤ «እንደፈለግሽ»ንም እንደዚያው። አባዬ «ቆርጣ ጣለችኝ» ሲል ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር፤ አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርሽ፤ በመካከላችን ምንም ስልክ አልነበረም። «እኔም ብሆን እፈርም ነበር፣ አብረን ነው የፈረምነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያን ዝምታዬን ማንም በተሳሳተ ድምፅ አላነበበውም። አንቺ በትክክል ነው የሰማሽው። ለእሱ የምለው ጊዜ አልፏል። አክስታችንን ጠርቼ እሷ ባለችበት ለአንቺ እለዋለሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። በሩን አንኳኳለሁ። የማትፈልጊኝ ከሆነ ሳትከፍቺም ቢሆን ሂጂ በይኝ፤ እሄዳለሁ። ግን አትጻፊልኝ። በአፍሽ በይኝ።

ታላቅ እህትሽ